ቆይታን የሚሸጥ የሆቴልና የጉብኝት ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ስክሪፕት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ለሆቴሎችና ለአስጎብኚ ድርጅቶች ስክሪፕት ስጽፍ ባለቤቶችም ሆኑ ጀማሪ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄዎች ናቸው።

አገልግሎትን መዘርዘር ትቶ ቆይታውን መሸጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ዝርዝር የሚነግረን ሆቴሉ ያለውን ነገር ሲሆን፣ ቆይታን የሚሸጥ ስክሪፕት የሚያሳየን ግን እንግዳው በዚያ ነገር መካከል ሆኖ የሚያሳልፈውን ጊዜ ነው። «ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው ክፍሎች አሉን» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ሕንፃው ይናገራል። አንዲት ሴት ፀጉሯ ገና ሳይደርቅ ወደ በረንዳው ወጥታ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ፣ እግሯን ፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ ስትሰቅል ማየት ግን ስለ ተመልካቹ ይናገራል፤ ተመልካቹ እሱም ስልኩን የሚደፋበትን ቀን ሲመኝ ከርሟልና። በረንዳው በሁለቱም ውስጥ አለ፤ በሁለተኛው ግን ሰው ተቀምጦበታል።

ብዙዎች ይህን «ልምድን መሸጥ» ይሉታል። እኔ ቃሉን እሸሸዋለሁ፤ «ልምድ» ስንል በሥራ የሚካበት ወይም በመደጋገም የሚመጣ ነገር ስለሚታየን፣ ጸሐፊው «የማይረሳ ልምድ» ብሎ ጽፎ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። «ቆይታ» ግን መግቢያና መውጫ ሰዓት አለው፤ ሌሊትና ጠዋት አለው፤ ካሜራ ሊከተለው ይችላል። ስክሪፕቱ በትክክል ስለ አንድ ቆይታ መሆኑን ለመፈተን የሆቴሉን ስም አውጡና የሌላ ሆቴል ስም ተኩበት። ምንም ሳይጎረብጥ የሚነበብ ከሆነ ስክሪፕቱ ገና አልተጻፈም።

ታዲያ ዋይፋይ፣ ሙቅ ውሃና የመኪና ማቆሚያ የት ይገባሉ?

ቦታቸው ክፍል የሚያዝበት ገጽ ነው። እንግዳው እዚያ ሲደርስ ለመሄድ ከሞላ ጎደል ወስኗል፤ የቀረው ማመሳከር ስለሆነ ዝርዝሩን ይፈልገዋል። የቪዲዮው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ነው፤ ሰውየው ያንን ገጽ እንዲከፍት ማድረግ ነው። በቪዲዮው ውስጥ አንድ መገልገያ የሚገባው አንድ ሰው በእርግጥ ሲጠቀምበት ብቻ ነው። ልዩ ሁኔታ የሚሆነው እንግዶች የሚመጡት ለመገልገያው ሲሉ ከሆነ ነው፤ ለምሳሌ ፍል ውሃ ላይ የተሠራ ሆቴል ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ እንግዳ ያለ ረዳት ሊዞርበት የሚችል ማረፊያ። እነዚህንም ቢሆን ተራኪው በስም ከሚጠራቸው ይልቅ ሰው ሲገለገልባቸው ማሳየት ይሻላል።

የሚተረከውን ነገር ከየት አገኛለሁ? የእኛ ሆቴል ከሌሎች የተለየ ነገር የለውም።

ባለቤቶች ይህን የሚሉት ሆቴሉን በየቀኑ ስለሚያዩት ነው። እኔ የምጀምረው እንግዶች ከጻፏቸው አስተያየቶች ሲሆን፣ በእነሱ ውስጥ የምፈልገው ሙገሳውን ሳይሆን ግሶቹንና ሰዓቶቹን ነው። «በጣም ቆንጆ ነበር» ከሚለው ምንም አይቀዳም፤ «በሁለተኛው ቀን መጽሐፌን ጨረስኩ» የሚለው ግን ራሱ ትዕይንት ነው። ቀጥዬ የማነጋግረው ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን ክፍል የሚያጸዱትን፣ ሻንጣ የሚሸከሙትንና የሌሊት ጥበቃዎችን ነው፤ እንግዳውን ማንም በማያየው ሰዓት የሚያዩት እነሱ ናቸውና።

«ሆቴላችሁ በምን ይለያል?» ተብለው ሲጠየቁ ከግድግዳው ማስታወቂያ ላይ ያነበቡትን ይመልሳሉ። «እንግዶች ማንም ሳያዛቸው የሚያደርጉት ነገር ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ ሌላ ነው። አንዲት የክፍል አጽጂ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለውን ወንበር በየጠዋቱ ከመስኮቱ ሥር እንደምታገኘውና በየቀኑ ወደ ቦታው እንደምትመልሰው ነግራኛለች። የዚያ ሆቴል ቪዲዮ የተጀመረው በዚያ ወንበር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሌሊት እዚያው አድራለሁ፤ ሳላድርበት የጻፍኩት ስክሪፕት ሁሉ ድምፅ አልባ ሆኖብኛል።

ስክሪፕቱ በወረቀት ላይ ምን ይመስላል? ስንት ቃል ይበቃዋል?

ገጹ ለሁለት ዓምድ ይከፈላል፤ በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው ይጻፋል፤ ዳር ላይ ደግሞ ሰከንዶቹን የምንመዘግብበት ጠባብ ዓምድ ይጨመራል። ሁልጊዜ የግራው ዓምድ ይቅደም። ቀኙ የሚይዘው ምስሉ ሊናገረው ያልቻለውን ብቻ ነው፤ ለብቻው ሲነበብ እንደ ሬዲዮ ማስታወቂያ ምሉዕ ከሆነ ቃል በዝቶበታል። አንድ ምስል በአማካይ 4 ሰከንድ ቢቆይ 60 ሰከንድ የሚይዘው 15 ምስል ነው፤ ስለዚህ በግራው ዓምድ 30 መስመር የደረደረ ጸሐፊ ኤዲተሩን ዝርዝር እንዲሠራ እያስገደደው ነው።

ስለ ቃላት ብዛት፣ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ የሚለው የተለመደ መለኪያ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ለአማርኛ አይሆንም። «አልነገረችኝም» የሚለው አንድ ቃል ተናጋሪውን፣ ተነጋሪውንና አሉታውን አጣምሮ ይዟል። ስለዚህ መቁጠሩን ትቶ ሰዓት ይዞ፣ ትንፋሽ እየወሰዱ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ይሻላል። እኔ ለ60 ሰከንድ ቪዲዮ ከ60 ቃል አላልፍም፤ ከጊዜው ግማሽ ያህሉን ለዝምታና ለቦታው ድምፅ መተው እፈልጋለሁ።

ዝርዝሩ ወደ ስክሪፕት ሲለወጥ በምሳሌ ማየት ይቻላል?

በአንድ ሐይቅ ዳርቻ ያለ ባለ 14 ክፍል ሆቴል ባለቤት አንድ ገጽ ሙሉ ዝርዝር ላከልኝ። ከእኔ በፊት የተጻፈው ረቂቅ በድሮን ምስል ተጀምሮ «በተፈጥሮ ውበት በተከበበው ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው ሆቴላችን ምቹና ዘመናዊ ክፍሎችን…» እያለ ይቀጥል ነበር። እዚያ ባደርኩበት ሌሊት ከጥበቃው ጋር ስንጨዋወት፣ ጥድፊያ ላይ ሆነው የሚመጡ እንግዶች በሁለተኛው ጠዋት ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ውሃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት መድረክ ጫፍ እንደሚቀመጡ፣ ብርዱም ስለሚነካቸው እሱ ተረኛነቱን ሲጨርስ ሁለት የታጠፉ ብርድ ልብሶች አግዳሚው ላይ አስቀምጦላቸው እንደሚሄድ አጫወተኝ። ይህ በባለቤቱ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ባለቤቱም አያውቀውም ነበር።

ስክሪፕቱ እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች ጨለማ ነው፤ ውሃ እንጨት ሲመታ ይሰማል፤ ከዚያ አንድ እጅ የታጠፈ ብርድ ልብስ አግዳሚ ላይ ሲያስቀምጥ ይታያል፤ ፊት አይታይም። እስከ 14ኛው ሰከንድ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይነቃል፤ የስልኩ መብራት ፊቱ ላይ ቦግ ሲል ያየዋል፤ ይደፋዋል። እስከ 24ኛው በባዶ እግሩ በኮሪደሩ ሲሄድ ወለሉ ይንቋቋል፤ የተራኪው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል፦ «ትናንት ማታ ሲደርሱ ሐይቁ አይታይም ነበር።» እስከ 40ኛው ሰውየው ብርድ ልብሱን ያገኛል፤ ማን እንዳስቀመጠው ዞር ዞር ብሎ ይፈልጋል፤ ማንንም አያይም፤ ይደርበዋል፤ ይቀመጣል። ሐይቁ በሙሉ የሚታየው እዚህ ብቻ ሲሆን ምስሉ ያለ ቃልና ያለ ሙዚቃ 8 ሰከንድ ይቆያል። እስከ 50ኛው ሚስቱ መጥታ ሁለተኛውን ታነሣለች፤ ተራኪው ይቀጥላል፦ «ብርድ ልብሶቹ ሁለት ናቸው። የሌሊቱ ጥበቃችን ቤቱ ሳይገባ ያስቀመጣቸው ናቸው።» በመጨረሻዎቹ 10 ሰከንዶች ጥበቃው በብስክሌት ከበሩ ሲወጣ ወደ ኋላ ዞር ብሎ ያያል፤ ከዚያ የሆቴሉ ስምና ክፍል የሚያዝበት አድራሻ ይወጣል፤ ሌላ ምንም አይጨመርም።

ሰፊው ምስል መክፈቻ ያልሆነው ተመልካቹ ሐይቁን ከሰውየው ጋር እኩል እንዲያየው ስለፈለግን ነው፤ በድሮን ብንከፍት ኖሮ የምናቆየው ነገር አይኖረንም ነበር። በባለቤቱ ዝርዝር ውስጥ የነበረው የስብሰባ አዳራሽ አልገባም። በቀረጻው ላይ የተቸገርነው በነፋስ ነው፤ የመጀመሪያው ጠዋት ነፋሱ ማይክሮፎኑን እየመታ የውሃውን ድምፅ ስለዋጠው በማግስቱ ደግመን መውጣት ግድ ሆነ። የንጋት ብርሃን ደግሞ አይጠብቅም፤ ያ ሰማያዊ ብርሃን ከመጥፋቱ በፊት የውጪው ምስሎች ማለቅ ስላለባቸው መጀመሪያ የተቀረጹት እነሱ ናቸው፤ የክፍሉና የኮሪደሩ ምስሎች መጋረጃ ተጋርዶ በሌላ ሰዓት ተቀረጹ። ንጋትን የሚጽፍ ሰው በቀረጻው መርሐ ግብር ላይ ቢያንስ ሁለት ንጋት ይያዝ።

ተመልካቹን «አንተ»፣ «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» ልበለው?

ይህ ከእንግሊዝኛ ረቂቅ የሚነሡ ጸሐፊዎች ዘግይተው የሚደርሱበት ችግር ነው። «ትነቃለህ» ያልን እንደሆነ ከተመልካቾቻችን ግማሽ ያህሉን ከቪዲዮው አስወጣን። «እርስዎ» ጾታ አይለይም፤ ለእንግዳም ይገባል፤ ነገር ግን አራት አምስት ዐረፍተ ነገር በተከታታይ ከተባለ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መምሰል ይጀምራል። በላይኛው ምሳሌ ላይ «ሲደርሱ» አንድ ጊዜ ብቻ የገባው ለዚህ ነው። ለቤተሰብና ለቡድን ጉዞ «እናንተ» ሞቅ ያለ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ግን ከሠራተኞቹ አንዱ ስለ ራሱ ሥራ እንዲናገር ማድረግን ነው፤ «ብርድ ልብሶቹን አስቀምጬ ነው የምሄደው» የሚለው ድምፅ ተመልካቹን በማንም ስም ሳይጠራ ያስገባዋል።

ሌላው የቋንቋችን ጠባይ ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ተራኪው ረጅም ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ተመልካቹ ድርጊቱን የሚሰማው ምስሉ ካለፈ በኋላ ይሆናል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚያምረው ረጅም ዐረፍተ ነገር በትረካ ላይ ይሰባበር። ምስሉ የሚቀየርበትን ቦታም ከግሱ ቀጥሎ ባለው ትንፋሽ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ኤዲተሩ ያመሰግናችኋል።

ብዙ ሰው በስልኩ ላይ ድምፅ አጥፍቶ ካየው ይህ ሁሉ ዝምታና የውሃ ድምፅ ምን ይጠቅማል?

በሆቴሉ ድረ ገጽ ላይ ወይም በትልቅ ስክሪን ላይ ይጠቅማል፤ በስልክ ላይ ግን የላይኛው ምሳሌ መክፈቻ ይወድቃል። ድምፁ ለጠፋበት ሰው ጥቁር ስክሪን ምንም አይነግረውም፤ ጣቱን አንሸራትቶ ያልፋል። ለስልክ የሚሆነው ቅጂ ብርድ ልብሱን በሚያስቀምጠው እጅ ይጀምር፤ ትረካውም በጽሑፍ ይውጣ። ይህ የሚወሰነው ስክሪፕቱ ሲጻፍ እንጂ ከቀረጻ በኋላ አይደለም፤ ምክንያቱም በቁም የሚታየው 9:16 ምስል ሰፊውን ሐይቅ አይችለውም። ካሜራ ባለሙያው በዚያው ንጋት ከሰውየው ጀርባ ሆኖ መድረኩንና ሰማዩን በቁም እንዲቀርጽ በግራው ዓምድ ላይ አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

የአስጎብኚ ድርጅት ስክሪፕት ከሆቴሉ በምን ይለያል?

አስጎብኚው የሚፈተነው በቦታዎች ስም ነው፤ ስድስት ታዋቂ ስፍራዎችን በሰላሳ ሰከንድ ማሳለፍም ያው መዘርዘር ነው። ስፍራዎቹ የድርጅቱ አይደሉም፤ ተፎካካሪውም እዚያው ይወስዳል። ድርጅቱ የሚሸጠው ማን እንደሚወስደን፣ በየትኛው ሰዓት እንደምንደርስና ምን ያህል ሳንቸኩል እንደምንቆይ ነው። ስለዚህ እኔ የምፈልገው በሁለት ስፍራዎች መካከል ያለውን ሰዓት ነው። አስጎብኚው ሞተር ያስጠፋል፤ እጁን ያነሣል፤ ሁሉም ዝም ይላል፤ ማንም ምንም አያይም፤ ከዚያ ቅርንጫፍ ይነቃነቃል። ተመልካቹ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይህ ሰው ሥራውን እንደሚያውቅ ያምናል፤ «ልምድ ያካበቱ አስጎብኚዎች አሉን» የሚለውን ማንበብ አያስፈልገውም።

ችግሩ እንስሳ በስክሪፕት አለመመራቱ ነው። በእንስሳ ወይም በአየር ጠባይ ላይ የሚመሠረት እያንዳንዱ መስመር አጠገቡ ምትክ መስመር ይኑረው፤ እንስሳው ካልመጣ አስጎብኚው ተንበርክኮ ዳናውን ሲያሳይና አንድ ጎብኚ መዳፉን አጠገቡ አድርጎ ሲለካ ይቀረጻል። አንዳንዴ ምትኩ ከዋናው ይበልጣል፤ ዳናው በሌላ ቀን ለሚመጣው ጎብኚም ሊገኝ ይችላል።

ባለቤቱ ሁሉም ነገር ይግባ ቢል ምን ላድርግ?

ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ለአዳራሹም ለጄኔሬተሩም ገንዘብ አውጥቷል። ክርክር አይጠቅምም። ሁሉን የሚዘረዝረውንና ቆይታውን የሚያሳየውን፣ ሁለቱንም ረቂቆች ሆቴሉን ለማያውቅ አንድ ሰው ባለቤቱ ባለበት አንብቡለትና በማግስቱ ምን እንደሚያስታውስ ጠይቁት። ከዚያ ለአዳራሹ በዚያው የቀረጻ ቀን የ15 ሰከንድ የራሱ ቪዲዮ እንደሚሠራለት ተስማሙ፤ አዳራሽ የሚከራየው ሰውና ለዕረፍት የሚመጣው ሰው አንድ አይደሉም።

እውነተኛ እንግዶችን እንቅረጽ ወይስ ተዋናዮችን?

ትዕይንት ለማሳየት ተዋናይ ነውር የለውም። ተዋናይ «እዚህ ሦስት ቀን ቆየሁ፤ በጣም ተደሰትኩ» ብሎ እንደ እንግዳ እንዲመሰክር ማድረግ ግን ማታለል ነው። እውነተኛ እንግዳ ከተቀረጸ ምስሉ የት እንደሚወጣና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግል የሚገልጽ ፈቃድ በጽሑፍ፣ ከቀረጻው በፊት ይፈርም፤ ለልጆች ወላጅ ይፈርም። ከኋላ የሚያልፉትን ሌሎች እንግዶች አትርሷቸው፤ ከእነማን ጋር እንደመጡ መታየት የማይፈልጉ አሉ።

ስክሪፕቱ ከእውነታው አምሮ ቢገኝስ? ድንበሩ የት ነው?

ድንበሩ፣ ማንኛውም ከፍሎ የመጣ እንግዳ ልዩ ዝግጅት ሳይደረግለት ሊያገኘው የሚችለው ነገር ነው። የብርድ ልብሱ ታሪክ የቆመው በአንድ ሰው ደግነት ላይ ስለነበረ፣ ያ ሰው ዕረፍት በሚወጣበት ቀን ቪዲዮው ውሸት ይሆን ነበር። ከቀረጻው በፊት ባለቤቱን ያስቸገርኩት ብርድ ልብስ ማስቀመጡ የእያንዳንዱ የሌሊት ተረኛ ሥራ ሆኖ እንዲጻፍ ነው። ለክፍሎቹም ካሜራው አልጋው ላይ የተኛ ሰው ዓይን ባለበት ከፍታ ላይ እንዲሆንና ክፍሉን የሚለጥጥ ሰፊ ሌንስ እንዳይገባ በግራው ዓምድ ላይ እጽፋለሁ፤ በሌንስ የሰፋ ክፍል እንግዳው ሻንጣውን ሲያስገባ ይጠባል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ፏፏቴ አጠገብ ላለ ማረፊያ በጻፍኩት ስክሪፕት ላይ ውሃው ጢም ብሎ በሚወርድበት ወቅት ቀረጽን፤ በስክሪፕቱ ውስጥ ወሩን የሚጠቅስ አንድም ቃል አልነበረም። በደረቁ ወራት የመጡ እንግዶች ከገደሉ ላይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ አገኙ፤ አንዱም የቪዲዮውን ምስልና ራሱ ያነሣውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ አስተያየቱ ላይ ለጠፈው። የማረፊያው ሠራተኞች ያልዋሹትን ውሸት እንግዳ መቀበያው ላይ ቆመው ሲያስረዱ ከረሙ። ቪዲዮውን መልሰን ስንሠራ የፏፏቴው ምስል ላይ ወራቱን ጻፍንና አዲስ ትዕይንት ጨመርን፤ በደረቁ ወራት ብቻ ከውሃ ነጻ በሚሆኑት አለቶች ላይ ሁለት ልጆች እየዘለሉ ከገደሉ ሥር ድረስ ሲሄዱ የሚታይበት ነው። ከዚያ ወዲህ በጠባቡ ዓምድ ላይ ከሰከንዶቹ ሥር ያ ምስል እውነት የሚሆንበትን ወር እጽፋለሁ።